ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአፍሪካና የእስያ ቅኝ ግዛቶች ለምን ነጻ ወጡ? በአንድ ገጽ ለማጠቃለል እርዳታችሁን እሻለሁ

የታሪክ መምህሩ

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ከጦርነቱ በኋላ ቅኝ ግዛቶች ነጻ ስለወጡበት ምክንያት ለተማሪዎቼ የሚታደል የአንድ ገጽ ማጠቃለያ አዘጋጅቼ ነበር። የጻፍኩት ሁላችንም ተማሪ ሳለን የሸመደድነውን ነው፦ ቅኝ ገዢዎቹ በጦርነቱ ተዳከሙ፣ ከግንባር የተመለሱ ወታደሮች አዲስ አስተሳሰብ ይዘው መጡ፣ የተማሩ ልሂቃን ፓርቲ መሠረቱ፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ደግሞ የቅኝ አገዛዝን ተቃወሙ።

ወረቀቱን ባደልኩ ማግስት ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ ጦርነቱ ያበቃው በ1945 ነው። ጋና ነጻ የወጣችው በ1957 ነው። እንግሊዝ ያኔ ደክማ ከነበረ 12 ዓመት ሙሉ ምን አቆያት?» እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። «ነገ እንመለስበታለን» ብዬ አለፍኩት፤ ነገ ካልኩ አንድ ሳምንት ሆነ። ገጹን እንደገና ልጽፈው ስለፈለግሁ የምታውቁትን አካፍሉኝ። ግራ እንዳንጋባ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ብንጽፍ መልካም ነው።

ብሩክ ዘፒያሳ

መምህር፣ ነገሩን ባያወሳስቡት ጥሩ ይመስለኛል። ነሐሴ 1941 ሩዝቬልትና ቸርችል በአትላንቲክ ቻርተር ሕዝቦች ሁሉ የሚተዳደሩበትን መንግሥት ራሳቸው የመምረጥ መብት እንዳላቸው አውጀው ነበር። ቃል ተገብቶ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ እንግሊዝ ከሰረች፤ በ1946 ከአሜሪካ 3.75 ቢሊዮን ዶላር ለመበደር ተገደደች። አበዳሪው «ቅኝ ግዛትህን ልቀቅ» ሲለው ተበዳሪው ምን አማራጭ አለው? 12 ዓመት የፈጀው ርክክቡ ጊዜ ስለሚጠይቅ ይመስለኛል፤ ሲቪል ሰርቪሱን ማሠልጠን፣ ሕገ መንግሥት ማርቀቅና የመሳሰለው።

የድሮ ዶሴ

አቶ ብሩክ የጠቀሷቸው ሁለቱም ነገሮች በእርግጥ የነበሩ ናቸው፤ የተሰጣቸው ትርጉም ላይ ግን አልስማማም።

በቻርተሩ ልጀምር። ፊርማው ሳይደርቅ፣ መስከረም 1941 ላይ፣ ቸርችል በፓርላማ ቆመው የተጻፈው በናዚ ቀንበር ሥር ስላሉ የአውሮፓ አገሮች እንጂ ስለ እንግሊዝ ግዛቶች እንዳልሆነ ተናግረዋል። ቅኝ ተገዢዎቹ ቃሉን ለራሳቸው አንብበው ተጠቅመውበታል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለንደን ግን ቃል ገብታ ቃሏን ጠበቀች ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው፣ ማለትም የክስረቱ ጉዳይ፣ የተማሪዋን ጥያቄ የሚመልሰው እሱ ነው፤ የሚመልሰው ግን ሰው ከሚጠብቀው አቅጣጫ ሳይሆን ከተቃራኒው ነው። ለእስያና ለአፍሪካ የክስረቱ ትርጉም የተለያየ ነበር። ከሕንድ አንጻር እንግሊዝ በጦርነቱ ሳቢያ ባለዕዳ ሆና ወጣች፤ ለሕንድ የሚከፈለው ብቻ ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሕንድን በቁጥጥር ሥር ያቆየው የሕንድ ጦር ራሱ አስተማማኝ አለመሆኑ ነው። የካቲት 1946 ቦምቤይ ላይ መርከበኞች አመፁ፤ አመፁም ወደ ሌሎች ወደቦች ተዛመተ። ከዚህ በኋላ የቀረው ጥያቄ መቼ እንወጣለን የሚለው ብቻ ነበር። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር አትሊ የካቲት 1947 ላይ እስከ ሰኔ 1948 እንወጣለን ብለው አስታወቁ፤ በተግባር ግን የወጡት ቀነ ገደቡን እንኳ ሳይጠብቁ ነሐሴ 15 ቀን 1947 ነው።

በአፍሪካ ግን የሆነው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። የደኸየ ባለርስት የቀረችውን መሬት ይበልጥ አጥብቆ ያርሳል እንጂ አይለቅም። እንግሊዝ ዶላር አጥታ ነበር። የአሜሪካው ብድር ከነግዴታው ነበር የመጣው፤ ይኸውም ፓውንዱ ያለ ገደብ በዶላር እንዲመነዘር ነው። ይህ ሐምሌ 1947 ተጀመረ፤ የተከማቸው ዶላር እንደ ውኃ ስለፈሰሰም በአምስት ሳምንት ውስጥ ተቋረጠ። እንግዲህ ዶላር ከየት ይምጣ? የአሜሪካ ቸኮሌት ፋብሪካዎች ከሚገዙት ከጎልድ ኮስት ኮኮዋ፣ ከማላያ ጎማና ቆርቆሮ ነዋ። ስለዚህ ከ1945 እስከ 1948 ድረስ ለንደን አፍሪካን ለመልቀቅ ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት ታይቶ በማያውቅ መጠን ባለሙያና ትእዛዝ እየላከች ይበልጥ ለመጠቀም ነበር የተነሣችው። በታንጋኒካ ሰፊ ጫካ መንጥራ የለውዝ እርሻ ለማልማት ሚሊዮኖች አፍስሳ ኪሳራ ታቅፋ የቀረችውም በዚሁ ዘመን ነው። ልትወጣ የተሰናዳች አገር እንዲህ አታደርግም።

ለገጽዎ የምመክርዎ ይህን ነው፦ አራት ምክንያቶችን ከመደርደር አንድ ቦታ ይምረጡና ነገሩ እንዴት እንደተከናወነ ያሳዩ። እኔ ብሆን ጎልድ ኮስትን፣ ማለትም የዛሬዋን ጋና፣ እመርጥ ነበር።

የነጌሌው ልጅ

መምህር ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጥያቄው ከጦርነቱ በኋላ ነጻ ስለወጡ አገሮች ከሆነ የእኛ አገር ለምን አልተጠቀሰችም? እኛ ነጻ የወጣነው ከሁሉ ቀድመን በ1941 ነው። አያቴ ይህንን ሲያወሩ ነው ያደግሁት። በዋደራ በኩል ጣሊያንን ያስለቀቁት ነጮች ብቻ እንዳልነበሩ፣ ቋንቋቸው የማይገባ ጥቁር ወታደሮች እንደነበሩ፣ አንዱም ከአያቴ እናት ቤት ውኃ ለምኖ ጠጥቶ ጣሳውን በሁለት እጁ እንደመለሰ ይነግሩን ነበር። ከየት እንደመጡ ግን አንድም ቀን ነግረውን አያውቁም። ምናልባት ኬንያውያን ይሆናሉ።

የታሪክ መምህሩ

ወንድሜ፣ የእኛው ነገር የአምስት ዓመት ወረራ ስለነበረና አርበኛው ትግሉን ስላላቋረጠ ከዚህ ርዕስ ጋር አልቀላቀልኩትም። የአያትህ ታሪክ ግን ደስ ይላል።

የድሮ ዶሴ

መምህር፣ የልጁን ወግ እንዲሁ አይለፉት፤ ከርዕሱ እምብዛም አልወጣም። በሚያዝያና በግንቦት 1941 በዋደራ የተዋጋው የጎልድ ኮስት ብርጌድ ነው። ከኬንያ ተነሥቶ፣ የጁባን ወንዝ ተሻግሮ፣ ሶማሊያን አቋርጦ ነው ወደ ነጌሌና ዋደራ የዘለቀው። በዝናብና በጭቃ፣ በጫካ ውስጥ ከተመሸገ ጦር ጋር ለሳምንታት ተፋልሟል። አያትህ ያዩት ወታደር፣ ልጄ፣ ምናልባትም ከኩማሲ ወይም ከታማሌ የመጣ ነበር። ያው የጎልድ ኮስት ሠራዊት ኋላ ወደ በርማ ተልኮ ከጃፓን ጋር ተዋግቷል። በጦርነቱ ዘመን ከዚያች አገር የተመለመሉት ከ60,000 በላይ ናቸው፤ የሕዝቧ ብዛት ደግሞ አራት ሚሊዮን ገደማ ነበር።

ግንኙነቱ በዚህ ብቻ አያበቃም። በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ክዋሜ ንክሩማ ወደ አሜሪካ ለትምህርት እየተጓዘ ለንደን ውስጥ ነበር፤ ወሬውን በጋዜጣ ሻጭ ሰሌዳ ላይ ባነበበ ጊዜ መላዋ ለንደን በግሉ ጦርነት ያወጀችበት ያህል እንደተሰማው ራሱ ጽፏል።

ከአክራ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አክራ ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ጨርቃ ጨርቅ እነግዳለሁ። በየቀኑ የምነዳበት የባሕር ዳርቻ መንገድ ስሙ «የካቲት 28» ነው። መጀመሪያ ሰሞን እንደኛው የካቲት 12 የሰማዕታት ቀን መስሎኝ የቤት አከራዬን ጠየቅኋቸው። «ትንሽ ይመሳሰላል» አሉኝና ታሪኩን በረጅሙ አወሩልኝ።

እኔን የገረመኝ ግን የጀመሩት ከወታደሮቹ ሳይሆን ከዛፍ መሆኑ ነው። አባታቸው ከአክራ በስተሰሜን ባለው የኮኮዋ አገር ገበሬ ነበሩ። አንድ ቀን ከግብርና ቢሮ የመጡ ሰዎች ገጀራ ይዘው ገቡና ፍሬ የተሸከመውን ዛፍ ሁሉ ይጥሉት ጀመር። እንደ ሰውዬው አባባል፣ አባታቸው እስኪሞቱ ድረስ «በሽታው ሰበብ ነው፤ እንግሊዞች ኮኮዋችንን አጥፍተው ሌላ ቦታ ሊተክሉት ነበር» ብለው ያምኑ ነበር። ይህ እውነት ነው? የሚያውቅ ካለ ቢያብራራልኝ።

የድሮ ዶሴ

እውነት አልነበረም፤ ነገር ግን ለምን እንደታመነ መረዳቱ ከእውነቱ ይበልጣል።

በሽታው የኮኮዋውን ግንድና ቀንበጥ የሚያሳብጥ ቫይረስ ነው፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያስተላልፉት ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ጥቃቅን ተባዮች ናቸው። የተያዘ ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደርቃል፤ መድኃኒት የለውም። ያኔም ሆነ ዛሬ ያለው ዘዴ አንድ ነው፦ የታመመውንና ከጎኑ ያለውን ቆርጦ መጣል። ችግሩ የታመመው ዛፍ ከመድረቁ በፊት ለአንድ ሁለት ዓመት ማፍራቱን የማይተው መሆኑ ነው። ገበሬው የሚያየው ፍሬ የያዘ ዛፍ ሲወድቅበት ነው። አዲስ ቢተክል ደግሞ ለፍሬ የሚደርሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ በሳይንሱ ትክክል ነበሩ፤ ከ1947 ጀምሮ ግን ቆረጣው በግዴታ ተፈጸመ፣ ካሣውም ከጉዳቱ ጋር አይመጣጠንም ነበር። ንክሩማ ራሱ ሥልጣን ሲይዝ አስገዳጅነቱን ለጊዜው አንሥቶ ነበር፤ በሽታው ሲስፋፋ ግን ወደ ቆረጣው መመለስ ግድ ሆነበት።

ገበሬው ለምን አላመናቸውም? በጦርነቱ ጊዜ መንግሥት ኮኮዋውን በሞኖፖል እየገዛ፣ በተለይ ከጦርነቱ በኋላ የዓለም ዋጋ ሲንር፣ ለገበሬው የሚከፍለው ከገበያው እጅግ ያነሰ ነበር። ልዩነቱ «ለክፉ ቀን» ተብሎ በፓውንድ ለንደን ይቀመጥ ነበር። ኮኮዋው ያመጣው ዶላር ወደ ጋራ ካዝና ይገባና ቅኝ ግዛቷ በስሟ የወረቀት ፓውንድ ይመዘገብላታል። በአጭሩ፣ ባዶ እግሩን የሚሄድ ገበሬ ለእንግሊዝ ያበድር ነበር ማለት ነው። በዚያው ልክ ከውጭ የሚገባው ጨርቅ፣ ምስማርና የታሸገ ዓሣ ዋጋው ሰማይ ነክቷል፤ አስመጪዎቹም ጥቂት የአውሮፓ ኩባንያዎች ናቸው። ገንዘብህን የያዘ፣ ዕቃ በውድ የሚሸጥልህና ዛፍህን የሚቆርጥ ሰው አንድ ሲሆንብህ ስለ ቫይረስ ቢነግርህ አትሰማውም።

አሁን ወደ መንገዱ ስም ልምጣ። ጥር 1948 ላይ ኒ ክዋቤና ቦኔ የተባሉ የአክራ ባላባትና ነጋዴ የአውሮፓ ሱቆች ዕቃ እንዳይገዛ አድማ ጠሩ። አድማው አንድ ወር ያህል ጸና። በመጨረሻ ኩባንያዎቹ ትርፋቸውን ከመቶ 75 ወደ 50 ሊያወርዱ ተስማሙና የካቲት 28 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሱቆች ተከፈቱ። ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ዋጋው ግን እንዳሰበው አልወረደም። ትርፍ ከ75 ወደ 50 ወረደ ማለት ዋጋው በሩብ ቀነሰ ማለት እንዳልሆነ ማን ያስረዳው? በ100 የተገዛ ዕቃ በ175 ይሸጥ የነበረው 150 ገባ ማለት ነው፤ የቀነሰው ከሰባት አንድ እጅ ብቻ ነው። ሸማቹ ግን ከአራት አንድ እጁ ይቀንሳል ብሎ ነበር የመጣው።

በዚያችው ቀን ከሰዓት በኋላ የቀድሞ ወታደሮች ስለ ጡረታና ስለ ሥራ አቤቱታ ይዘው በሰልፍ ወጡ። ከተፈቀደላቸው መንገድ ወጥተው አገረ ገዢው ወደሚኖርበት ወደ ክርስቲያንስቦርግ ግንብ አመሩ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ኢምሬይ የሚባል የእንግሊዝ ፖሊስ አዛዥ ጥቂት ፖሊሶች ይዞ ቆሟል። እንዲመለሱ አዘዘ፤ አልተመለሱም። ከፖሊሶቹ የአንዱን ጠመንጃ ነጥቆ ራሱ ተኮሰ። ሦስት ሰዎች ሞቱ፦ ሳጅን አጄቴ፣ ኮርፖራል አቲፖ እና ኦዳርቴ ላምፕቴ የተባለ ተራ ወታደር። ወሬው ከተማው ውስጥ በዋጋው ተናዶ የቆመውን ሕዝብ አገኘው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ረብሻው ኩማሲና ሌሎች ከተሞች ደረሰ፤ 29 ሰዎች ሞቱ፣ ከ200 በላይ ቆሰሉ፣ የኩባንያዎቹም መደብሮች ተቃጠሉ።

ብሩክ ዘፒያሳ

ስለ ዶላሩ ተሳስቼ ነበር፤ ተምሬአለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። እንግሊዝ ከዚህ የባሰ ረብሻ በየቅኝ ግዛቱ ስንት ጊዜ ገጥሟት በጥይት በትናዋለች። 29 ሰው የሞተበት ረብሻ በምን ተአምር ነጻነት አመጣ?

የድሮ ዶሴ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለት ነገሮች ይታዩኛል።

አንደኛው የጦር ጉዳይ ነው። እንግሊዝ ለብዙ ዘመን በግዛቶቿ ረብሻ ሲነሣ በቅርብ ያለውን የሕንድ ጦር ትልክ ነበር፤ የሚከፍለውም አብዛኛውን ጊዜ የሕንድ ግብር ከፋይ ነበር። ነሐሴ 1947 ይህ ጦር ከእጇ ወጣ። አክራ በተረበሸችበት ዓመት ከፍልስጤም ለመውጣት በሩጫ ላይ ነበረች፤ በሰኔ ደግሞ ማላያ ላይ የሽምቅ ውጊያ ተነሣባት። ከእስያ መውጣቷ አፍሪካን ነጻ አወጣ የሚባለው በምሳሌነቱ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻዋን ስላሳጣትም ነው። የእስያንና የአፍሪካን ታሪክ በአንድ ገጽ ለማገናኘት ከዚህ የተሻለ ድልድይ አላውቅም።

ሁለተኛው፣ ጎልድ ኮስት ውስጥ ለሌላ አገር እንቅፋት የሆነው ነገር አለመኖሩ ነው፤ ይኸውም ነጭ ሰፋሪ። መሬቱም ኮኮዋውም የአገሬው ነበር። ለንደን የላከችው የዋትሰን መርማሪ ኮሚሽን ችግሩን በጥቂት ኮሚኒስቶች ብቻ ሳያመካኝ፣ በ1946 የወጣው ሕገ መንግሥት ገና ሲወለድ ያረጀ እንደነበር ደምድሞ ራስን በራስ ወደ ማስተዳደር መሄድን መከረ። ይህን ሲጽፍ መሬቴን ተነጠቅሁ ብሎ ፓርላማ የሚጮኽበት ሰፋሪ አልነበረም።

በፓሪስ የምኖር

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አልጄሪያ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሰፋሪ ነበር። ግንቦት 8 ቀን 1945፣ አውሮፓ የድል በዓሏን በምታከብርበት ዕለት፣ ሴቲፍ ላይ በተነሣው አመፅ ምክንያት ፈረንሳይ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፈጀች፤ አንድም ኮሚሽን ሕገ መንግሥት ይሻሻል አላለም። ከዚያ በኋላ ከ1954 እስከ 1962 ጦርነት ሆነ። እዚህ ጎረቤቴ የሆኑ አልጄሪያዊ አዛውንት «ከጦርነቱ በኋላ ነጻነት ተሰጠ» የሚለውን አባባል ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። ስለዚህ መምህር፣ «ተሰጠ» የሚለውን ቃል ከገጹ ቢያወጡት እላለሁ።

ጥያቄ አያልቅም

የድሮ ዶሴ፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልቃወም። የወታደሮቹ ነገር እጅግ የተጋነነ ይመስለኛል። የተመለሱት አብዛኞቹ ወደ መንደራቸው ገብተው እርሻቸውን ማረስ ነው የቀጠሉት። ከረብሻው በኋላ እንግሊዞች ከያዟቸው ስድስት የፖለቲካ መሪዎች መካከል ከበርማ የመጣ አንድም ወታደር የለም፤ ጠበቆችና ምሁራን ናቸው። የንክሩማን ፓርቲ ያቆሙት ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ያልጨረሱ ወጣቶች፣ ጸሐፊዎች፣ ሾፌሮችና የገበያ ሴቶች ናቸው። ሦስቱ ወታደሮች በመሞታቸው ምልክት ሆኑ እንጂ ንቅናቄውን አልሠሩትም።

የድሮ ዶሴ

አብዛኛውን እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ የየካቲት 28ቱን ሰልፍ የጠራው የወታደሮቹ ማኅበር መሆኑን መርሳት አይገባም። ያለ እነሱ ያ ቅዳሜ የገበያ ሁከት ሆኖ ይቀር ነበር ወይስ አይቀርም የሚለው ላይ የታሪክ ሰዎችም አልተስማሙም፤ እኔም ልበ ሙሉ አይደለሁም።

መምህር፣ ስለ ቀሪው ጊዜ ባጭሩ፦ ንክሩማ ሰኔ 1949 የራሱን ፓርቲ አቋቁሞ «ነጻነት አሁን» አለ። ጥር 1950 የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ ታሰረ። የካቲት 1951 በተደረገው ምርጫ ግን እስር ቤት ሆኖ ከ23,122 ድምፅ 22,780 አገኘ፤ አገረ ገዢው አርደን ክላርክም ከወኅኒ አስወጥተው መንግሥት እንዲመሠርት ጋበዙት። ከዚያ በኋላ ያለው ስድስት ዓመት በአመዛኙ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገ ትግል አይደለም። ማን ይወርሳል የሚል የአገር ውስጥ ክርክር ነው፤ የአሻንቲ ኮኮዋ አምራቾች የፌዴራል ሥርዓት ጠይቀው ነበር፣ በ1954ና በ1956ም ሁለት ጊዜ ምርጫ ተደርጓል። የተማሪዋ 12 ዓመት እንግዲህ እንዲህ ይከፈላል፦ ሦስቱ የማጥበቅ፣ ሦስቱ የመንበርከክ፣ ስድስቱ የርስት ክፍፍል።

የታሪክ መምህሩ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ እንደሚከተለው ጻፍኩት። ስሕተት ካለበት ሳላባዛው ንገሩኝ።

«ጦርነቱ ሲያበቃ እንግሊዝ አሸናፊ ነበረች፤ ሆኖም ባለዕዳ ነበረች። ይህ ድህነት በእስያና በአፍሪካ የተለያየ ውጤት አመጣ። በሕንድ፣ የሚከፈላት ዕዳ ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ በሆነችውና ሠራዊቷ መታዘዝ ባቆመው አገር፣ እንግሊዝ የመቆያ አቅም አልነበራትም፤ ነሐሴ 1947 ወጣች። በርማና ሲሎንም በጥርና በየካቲት 1948 ተከተሉ። በአፍሪካ ግን ዶላር የሚያስገኙትን እንደ ኮኮዋ ያሉ ምርቶች ለማግኘት ይዞታዋን አጠበቀች።

በጎልድ ኮስት ይህ መጥበቅ በገበሬው ላይ በሦስት መንገድ ወረደ። የኮኮዋው ዋጋ ከዓለም ገበያ በታች ተያዘ፣ የሚገዛው ዕቃ ተወደደ፣ በቫይረስ የተያዘ ዛፉም በግዴታ ተቆረጠ። የካቲት 28 ቀን 1948 ለአንድ ወር የቆየ አድማ አብቅቶ ሱቆች ሲከፈቱ ዋጋ እንደተጠበቀው አልወረደም። በዚያው ዕለት ኢትዮጵያና በርማ ላይ የተዋጋው ሠራዊት አባላት የነበሩ ሰዎች አቤቱታ ይዘው ሲሰለፉ ሦስቱ ተገደሉ። ረብሻው ቢቆምም እንግሊዝ በኃይል መቀጠል አልመረጠችም፤ እንደ ቀድሞው የምትልከው የሕንድ ጦር አልነበራትም፣ በቅኝ ግዛቷም የሚከራከርላት ሰፋሪ አልነበረም። በ1951 ምርጫ ንክሩማ ከእስር ወጥቶ መንግሥት መሠረተ፤ መጋቢት 6 ቀን 1957 ጋና ነጻ ሆነች።

በሌሎች ቦታዎች መንገዱ የተለየ ነበር። ሰፋሪ በበዛበት በአልጄሪያና በኬንያ ደም ፈሰሰ። ኢንዶኔዥያ በ1945 ነጻነቷን ብታውጅም ኔዘርላንድስ የተቀበለችው ከአራት ዓመት ውጊያና ድርድር በኋላ ነው። ፖርቱጋል ደግሞ የራሷ መንግሥት በ1974 እስኪገለበጥ ድረስ አልለቀቀችም። በ1960 ብቻ 17 የአፍሪካ አገሮች ነጻ ሲወጡ፣ የኋለኞቹ የጋናን መንገድ አይተው ነበር፤ ገዢዎቹም እንዲሁ።»

በፓሪስ የምኖር

«ተሰጠ» የሚለው አለመኖሩን አይቻለሁ፤ አመሰግናለሁ።

ጥያቄ አያልቅም

«ሠራዊቷ መታዘዝ ባቆመው አገር» የሚለው ከበድ ይላል። ያመፁት መርከበኞች ናቸው፤ አብዛኛው እግረኛ ጦር እስከ መጨረሻው ታዟል። «ሠራዊቷ ለመታዘዙ ዋስትና በሌለው» ቢባል ይሻላል።

የድሮ ዶሴ

ትክክል ነው፤ ይታረም። እኔም ስለ መርከበኞቹ ስጽፍ አቅልዬው ነበር። በተጨማሪም መምህር፣ «መንግሥት መሠረተ» ከሚለው ጎን የገንዘብ፣ የፍትሕና የጸጥታ ሚኒስቴሮች ያኔ ገና በእንግሊዞች እጅ እንደነበሩ አንድ ሐረግ ይጨምሩ። ተማሪዋ «ታዲያ በ1951 ለምን ነጻ ወጣች አላላችሁም» ብላ መጠየቋ አይቀርም።

ከአክራ

ዛሬ ጠዋት የዛፉን ነገር፣ በሽታው እውነተኛ እንደነበረ፣ ለአከራዬ አስረዳኋቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝና «ዘንድሮም ከወንድሜ እርሻ እየቆረጡ ነው» አሉኝ። ካሣ ይከፍሉት እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ሳቁ።

የነጌሌው ልጅ

መምህር፣ «ኢትዮጵያ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ በቅንፍ «ዋደራ» ብለው ቢጨምሩልኝ ገጹን አትሜ ለአባቴ እወስድላቸዋለሁ።

የታሪክ መምህሩ

ሁለቱንም እርማት አስገብቻለሁ፤ ዋደራም ገብቷል። አሁን ገጹ በሁለት መስመር ተርፎ ወደ ጀርባው አልፏል፤ ከየት እንደምቀንስ እያየሁ ነው።